የማሽላ ገንፎ ስንት ላይሲን አለው? በጎግ ገበታ ላይ የተሠራ ስሌት

ጋምቤላ ክልል፣ አኙዋ ዞን ውስጥ ያለችው የጎግ ወረዳ በውሃ የታደለች ናት። የጊሎ ወንዝ በፑኝዶ በኩል ያልፋል፣ የታታ ሐይቅም እዚያው ነው። ዓሣ ሲኖር የገበታው ነገር ቀላል ነው፤ የማሽላ ወይም የበቆሎ ገንፎ ከዓሣ ጋር። ዓሣ በማይኖርበት ወይም በማይገዛበት ቀን ግን ገንፎው ብቻውን ይቀራል። አንዳንዴ ቅጠላ ቅጠል፣ አንዳንዴ ኦቾሎኒ፣ አንዳንዴ ደግሞ ቦሎቄ ይጨመርበታል። እነዚህ ሦስቱ በዓይን ሲታዩ ሁሉም «ማባያ» ናቸው። ሰውነት ግን በመካከላቸው ትልቅ ልዩነት ያያል፤ ልዩነቱንም በእርሳስና በወረቀት ማስላት ይቻላል። ዛሬ የምናደርገውም ይህንኑ ነው።

የሚያጥረው የትኛው ነው?

ፕሮቲን ስንበላ ሰውነታችን እንዳለ አይወስደውም። አሚኖ አሲድ ወደሚባሉ ቁርጥራጮች ይፈታዋል፣ ከዚያም ቁርጥራጮቹን ለራሱ ጡንቻ፣ ደምና ቆዳ መልሶ ይገጣጥማቸዋል። ከእነዚህ ውስጥ ዘጠኙን ሰውነት ራሱ መሥራት ስለማይችል ከምግብ ማግኘት አለበት። ላይሲን ከዘጠኙ አንዱ ነው።

አናጺ ቤት ገብታችሁ አስቡት። አንድ ጠረጴዛ አራት እግርና አንድ ገበታ ይፈልጋል። መቶ ገበታ ቢኖር፣ እግሩ ግን ለአርባ አምስት ጠረጴዛ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ የሚሠራው አርባ አምስት ጠረጴዛ ነው። የተረፈው ገበታ ማገዶ ይሆናል። ሰውነትም እንዲሁ ነው፤ አንዱ አሚኖ አሲድ ካነሰ የተረፉት ሌሎቹ ለጉልበት ይቃጠላሉ፣ በውስጣቸው ያለው ናይትሮጅን ደግሞ ዩሪያ ሆኖ በሽንት ይወጣል። መጀመሪያ የሚያልቀው አሚኖ አሲድ «ገዳቢ» ይባላል። በማሽላ፣ በበቆሎ፣ በስንዴና በጤፍ ገዳቢው ላይሲን ነው።

ጥራጥሬ ደግሞ በተቃራኒው ላይሲን የሞላበት ነው። እሱ በአንጻሩ የሚቀንሰው ድኝ ያለባቸውን ሁለት አሚኖ አሲዶች፣ ማለትም ሜቲዮኒንንና ሲስቲንን ነው፤ እህል ደግሞ እነሱን ያመጣል። ሁለቱን አንድ ላይ መብላት ጥሩ የሆነው ለዚህ ነው። ይህን ብዙ ሰው ሰምቶታል። ብዙም የማይነገረው «ስንት ጥራጥሬ?» የሚለው ነው።

ለስሌቱ የሚያስፈልጉ ቁጥሮች

የዓለም ጤና ድርጅት ከምግብና እርሻ ድርጅትና ከተባበሩት መንግሥታት ዩኒቨርሲቲ ጋር በ2007 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ሪፖርት መሠረት አንድ አዋቂ ሰው በአማካይ በቀን ለእያንዳንዱ የሰውነት ኪሎ 30 ሚሊግራም ላይሲን ያስፈልገዋል። ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ያለ ሕፃን ደግሞ በኪሎ 45 ሚሊግራም ይፈልጋል፤ እያደገ ነዋ!

በምግቡ በኩል የተጠጋጉት ቁጥሮች እነዚህ ናቸው። ሁሉም ለ100 ግራም ደረቅ፣ ያልበሰለ ምግብ ነው፤

- ማሽላ፦ ፕሮቲን 10 ግራም፣ ላይሲን 210 ሚሊግራም
- ቦሎቄ፦ ፕሮቲን 22 ግራም፣ ላይሲን 1500 ሚሊግራም
- ኦቾሎኒ፦ ፕሮቲን 26 ግራም፣ ላይሲን 930 ሚሊግራም

«ደረቅ» የሚለውን ቃል አትዝለሉት። የተቀቀለ ቦሎቄ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው። የበሰለውን መዝኖ በደረቁ ቁጥር ማባዛት በዚህ ስሌት ላይ በብዛት የሚታይ ስህተት ነው፤ ውጤቱንም ከሁለት እጥፍ በላይ ያሳብጠዋል። መመዘን ያለበት ድስት ከመግባቱ በፊት ነው።

በመጨረሻም የተበላው ሁሉ አይፈጭም። ስለዚህ ላይሲኑን በመፈጨት መጠኑ እናባዛለን። ለማሽላ 70 በመቶ፣ ለቦሎቄ 80 በመቶ፣ ለኦቾሎኒ 90 በመቶ እንያዝ። የማሽላው ቁጥር አከራካሪ ስለሆነ በኋላ ተመልሰን እንፈትነዋለን። ቀመሩ ይህ ነው፤

```
ጠቃሚ ላይሲን = (ግራም ÷ 100) × ላይሲን በ100 ግራም × የመፈጨት መጠን
```

ለእያንዳንዱ ምግብ ሠርቶ መደመር፣ ከዚያም ከዕለቱ ፍላጎት ጋር ማወዳደር ነው።

አንድ ቀን፣ አንድ ሰው

55 ኪሎ የሚመዝን አዋቂ እንውሰድ። የላይሲን ፍላጎቱ 55 × 30፣ ማለትም 1650 ሚሊግራም ነው።

መጀመሪያ ገንፎ ብቻ የበላበት ቀን እንይ። በቀን 500 ግራም የማሽላ ዱቄት በላ እንበል። ፕሮቲኑ 50 ግራም ይሆናል። ለዚህ ሰው የሚመከረው አስተማማኝ የፕሮቲን መጠን በኪሎ 0.83 ግራም ሲታሰብ 46 ግራም ገደማ ነው። እንግዲህ ፕሮቲንን ብቻ የሚቆጥር ሰው «ሞልቷል» ብሎ ወረቀቱን ይዘጋል። ላይሲኑን እናስላ፤ 5 × 210 = 1050፣ በ0.70 ሲባዛ 735 ሚሊግራም። ይህ ከፍላጎቱ 45 በመቶ ብቻ ነው። አርባ አምስቱ ጠረጴዛ ማለት ይህ ነው።

አሁን ከዱቄቱ 100 ግራም ቀንሰን በምትኩ 100 ግራም ቦሎቄ እናስገባ። ጠቅላላ ክብደቱ አልተለወጠም። ከ400 ግራም ማሽላ 588፣ ከ100 ግራም ቦሎቄ 1200፣ በድምሩ 1788 ሚሊግራም እናገኛለን። ከፍላጎቱ 108 በመቶ ነው። የገበታውን አንድ አምስተኛ መቀየር ላይሲኑን ከእጥፍ በላይ አሳደገው።

100 ግራም ቦሎቄ በቤት ውስጥ ምን ያህል ነው? አምስት ሰው ላለበት ቤት አንድ ኪሎ ደረቅ ቦሎቄ ለሁለት ቀን ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። 30 ሚሊግራም አማካይ ፍላጎት ነው፤ ከሰዎች ግማሹ ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። ለሁሉም ማለት ይቻላል የሚበቃው መጠን በኪሎ ወደ 37 ሚሊግራም ይጠጋል፣ ለዚህ ሰው 2035 ገደማ። ያንን ለመሙላት ቦሎቄው 130 ግራም አካባቢ፣ ማሽላው ደግሞ 370 ግራም መሆን አለበት። እንግዲህ 100 ግራም ወለሉ ነው ብለን ብንይዝ ጥሩ ነው።

ለማነጻጸር ያህል፣ 100 ግራም የዓሣ ሥጋ ከ1600 ሚሊግራም በላይ ላይሲን አለው። ማለትም አንድ መቶ ግራም ዓሣ የቀረበትን ቀን አንድ መቶ ግራም ደረቅ ቦሎቄ በላይሲን በኩል በአብዛኛው ይተካዋል።

ኦቾሎኒስ?

ኦቾሎኒ ከቦሎቄ የበለጠ ፕሮቲን ስላለው ብዙ ሰው የተሻለ ማሟያ አድርጎ ያየዋል። ለምን እንደማይሆን ለማየት ላይሲኑን ለፕሮቲኑ እናካፍል። አንድ ግራም የማሽላ ፕሮቲን ውስጥ 21 ሚሊግራም ላይሲን አለ፣ በኦቾሎኒ 36፣ በቦሎቄ 68። የአዋቂ ሰው መለኪያ 45 ነው። 21 እና 36 በየትኛውም መጠን ቢደባለቁ 45 አይደርሱም። ሁለቱም ከመስመሩ በታች ናቸው፤ ሁለት ለብ ያሉ ውሃዎች ተቀላቅለው የፈላ ውሃ እንደማይሆኑት ማለት ነው።

በቁጥር ስናየውም 450 ግራም ማሽላና 50 ግራም ኦቾሎኒ የበላ ሰው 65 በመቶ ላይ ይቆማል፣ በ50 ግራም ቦሎቄ ቢሆን ግን 76 በመቶ ይደርሳል። ኦቾሎኒ በስብና በጉልበት ሀብታም ነው፤ ገንፎውን ለሚበላ ልጅ ያ ትልቅ ነገር ነው። የቦሎቄን ቦታ ግን አይተካም። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሆኑ ጥሩ ነው።

አከራካሪው ቁጥር፦ የማሽላ መፈጨት

ማሽላ ከሌሎች እህሎች የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ በውሃ ሲበስል ፕሮቲኑ ለመፈጨት ይከብዳል። ዋናው የማሽላ ፕሮቲን ካፊሪን ይባላል። ጥቃቅን ኳሶች ውስጥ ታሽጎ ይቀመጣል፤ በሙቀትና በውሃ ሲበስል የኳሶቹ ውጫዊ ፕሮቲኖች በድኝ ድልድይ እርስ በርስ ይያያዛሉ። የሆድ ኢንዛይሞችም ጥሰው መግባት ይቸግራቸዋል። በፔሩ በሕፃናት ላይ ተሠርቶ በ1981 የታተመ ጥናት በውሃ ከበሰለ ሙሉ የማሽላ ዱቄት ገንፎ ሕፃናቱ የወሰዱት ናይትሮጅን 46 በመቶ ብቻ መሆኑን አሳይቷል።

እንግዲህ 70ውን ወደ 50 እናውርደውና ስሌቱን እንፈትነው። ገንፎ ብቻ የበላው ሰው ከ735 ወደ 525 ሚሊግራም ይወርዳል፣ የፍላጎቱ 32 በመቶ። ቦሎቄ የጨመረው ደግሞ ከ1788 ወደ 1620 ይወርዳል፣ 98 በመቶ። የመጀመሪያው ከያዘው 29 በመቶ ሲያጣ ሁለተኛው ያጣው 9 በመቶ ብቻ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሁለተኛው ላይሲን በአብዛኛው የመጣው ከቦሎቄው ስለሆነ የማሽላው ጠባይ ብዙም አይነካውም። በምህንድስና ቋንቋ ለማይታወቅ ቁጥር ስሜታዊነቱ ዝቅተኛ የሆነ ንድፍ ጥሩ ንድፍ ነው እንላለን። ቦሎቄው መጠኑን ብቻ ሳይሆን እርግጠኛነቱንም ጨመረ።

ማሽላውንም መርዳት ይቻላል። ሊጡን ማቡካት፣ ልክ ለእንጀራ እንደምናደርገው፣ የማሽላ ፕሮቲን እንዲፈጭ ያግዛል። በቦሎቄ በኩል ደግሞ ዘፍዝፎ፣ የተዘፈዘፈበትን ውሃ ደፍቶ፣ በሚገባ እያፈሉ መቀቀል ግዴታ ነው፤ ጥሬ ቦሎቄ ውስጥ የፕሮቲን መፈጨትን የሚያግዱና ሆድ የሚያውኩ ነገሮች ስላሉ። በጣቶች መካከል በቀላሉ የማይፈርጥ ቦሎቄ ገና ነው። ቆልቶ መፍጨት የሚመርጥ ሰውም ልኩን ይጠብቅ። ላይሲን በሙቀት ከስኳር ጋር በቀላሉ የሚጣበቅ አሚኖ አሲድ ነው፤ ከተጣበቀ በኋላ ሰውነት አይጠቀምበትም። ምልክቱ ቀለሙ ነው፤ ወደ ጥቁር ቡናማ በሄደ ቁጥር ላይሲኑ እየተበላ ነው።

ዘሩን ብንቀይርስ?

ይህ ጥያቄ በአገራችን የቆየ ታሪክ አለው። ራመሽዋር ሲንግ እና ጆን አክስቴል የተባሉ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዓለም የማሽላ ክምችት ብዙ ሺህ ናሙናዎችን ሲፈትሹ ላይሲናቸው ጎልቶ የወጡ ሁለት ዝርያዎች አግኝተው በ1973 አሳተሙ። ሁለቱም ከወሎ የመጡ ነበሩ። የተለመደው ማሽላ በ100 ግራም ፕሮቲን 2 ግራም ያህል ላይሲን ሲኖረው፣ እነዚህ 3.3 እና 3.1 ግራም ነበራቸው። ገበሬዎቹ ለእንዲህ ያሉ ማሽላዎች «ወተት በጉንጬ» እና «ማርጩቄ» የሚሉ ስሞች ነበሯቸው፤ እሸቱን ጠብሰው፣ ከሌላ ማሽላ ጋር ቀላቅለው ይበሉት ነበር። ቤተ ሙከራው በቁጥር ያገኘውን እነሱ በምላሳቸው ለይተውታል።

ታዲያ ለምን ሁሉም ሰው አልዘራውም? ፍሬው ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ክብደቱም ያንሳል። ገበሬ ደግሞ የሚሸጠው በኪሎ ነው። ከዚያም በላይ በእኛ ስሌት ውስጥ ብናስገባው፣ ፕሮቲኑን 10 በመቶ ላይ ይዘን 500 ግራም ቢበላ፣ የፍላጎቱን 70 በመቶ ገደማ ያመጣል። ከ45 በጣም የተሻለ ነው፤ ግን አሁንም 100 ግራም ቦሎቄ የሚያደርገውን አያደርግም።

ራሽን ሲቀነስ

ጎግ ውስጥ ይህ ስሌት የወረቀት ጨዋታ አይደለም። የፑኝዶ የስደተኞች ጣቢያ እዚያ ነው፣ ከደቡብ ሱዳን የመጡ ቤተሰቦች በራሽን ይኖራሉ፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህም በገንዘብ እጥረት የተነሳ በኢትዮጵያ የስደተኞች ራሽን ተቀንሷል። በቀን 2100 ኪሎ ካሎሪ ለማድረስ እንደ ምሳሌ የሚቀርበው የእርዳታ ራሽን 400 ግራም እህልና 60 ግራም ጥራጥሬ አለው፤ ዘይት፣ የተመጣጠነ ድብልቅ ዱቄት፣ ስኳርና ጨው ይጨመርበታል።

እህሉ ማሽላ፣ ጥራጥሬው ቦሎቄ ይሁንና እናስላው። ከማሽላው 588፣ ከቦሎቄው 720፣ በድምሩ 1308 ሚሊግራም። የፍላጎቱ 79 በመቶ ነው፤ ከበቆሎና ከአኩሪ አተር የሚሠራው ድብልቅ ዱቄት ደግሞ የቀረውን ጉድለት አብዛኛውን ይሸፍናል። አሁን ቦሎቄው ብቻ ቀረ እንበል፤ ወይ መኪናው ዘግይቶ፣ ወይ ቤተሰቡ ለወፍጮ ክፍያ ሸጦት። ከእህሉና ከጥራጥሬው ክብደት የጎደለው 13 በመቶ ነው። ጉልበቱም የሚቀንሰው በዚያው ልክ ስለሆነ ሰውየው ያን ያህል የራበው አይመስለውም። ከሁለቱ ይገኝ ከነበረው ላይሲን ግን 55 በመቶው ሄዷል። ትንሽ የሚመስለው ከረጢት ነው ብዙውን የያዘው። ሁለቱን እኩል ዋጋ ያላቸው ኪሎዎች አድርጎ ማየት፣ ከሚሸጥም ጥራጥሬውን ማስቀደም፣ ይህን ጉዳት ሳይታይ ያመጣል።

ለልጅ ሲሰላ

በጣም የሚጨነቀው ለልጅ ነው። 11 ኪሎ የሚመዝን የአንድ ዓመት ተኩል ልጅ 45 × 11፣ ማለትም 495 ሚሊግራም ላይሲን ይፈልጋል። ሆዱ ትንሽ ነው፤ በቀን 120 ግራም ዱቄት በገንፎ መልክ በላ እንበል። ማሽላ ብቻ ከሆነ፣ ለሕፃን 50 በመቶ መፈጨት ይዘን፣ 126 ሚሊግራም ያገኛል፤ የፍላጎቱ ሩብ። ያንኑ 120 ግራም 84 ግራም ማሽላና 36 ግራም ቦሎቄ አድርገን ብንከፍለው 520 ሚሊግራም ይሆናል። ሞላ።

84 ለ36 ማለት ሰባት እጅ ለሦስት እጅ ነው። ይህ ምጣኔ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። የማሽላና የቦሎቄ ድብልቅ በአንድ ግራም ፕሮቲን ወደ 45 ሚሊግራም ላይሲን የሚጠጋው እዚያ አካባቢ ነው። ሁለቱም ፍሬዎች ለተመሳሳይ መጠን የሚመዝኑት ተቀራራቢ ስለሆነ ሚዛን የሌለው ቤት በጣሳ ሰባት ለሦስት ቢሰፍር ከእውነቱ ብዙም አይርቅም። ቦሎቄው ተቀቅሎ፣ ደርቆ፣ ከዚያ ከማሽላው ጋር ቢፈጭ ጥሩ ነው፤ ገንፎው የሚበስልበት ጊዜ ብቻውን ለጥሬ የቦሎቄ ዱቄት አይተማመኑበትም። ለአዋቂ ሰው ሁለቱ በአንድ ሳህን መገናኘት የለባቸውም፤ በአንድ ቀን ውስጥ መበላታቸው ይበቃል። ለልጅ ግን በአንድ ዱቄት መሆኑ ይመረጣል፤ ማባያውን ትቶ ገንፎውን ብቻ የሚበላ ልጅ ማን ያላየ አለ?

ስሌቱ የማይነግረን

የላይሲን እጥረት እንደ እንቅርት ወይም እንደ ዳፍንት የራሱ የሆነ ምልክት የለውም። ልጅ ቁመቱና ክብደቱ ሲዘገይ ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል፤ ወባ፣ ተቅማጥ፣ የዚንክ እጥረት። ስለዚህ ጤና ጣቢያው የሚያየው የእድገት ሰንጠረዥ ላይ ያለውን መስመር እንጂ ላይሲንን አይደለም።

ሌላው ትልቁ ገደብ ጉልበት ነው። ጠቅላላ ምግቡ ካነሰ ሰውነት በላይሲን የተሟላውንም ፕሮቲን ማገዶ ያደርገዋል። በአናጺው ቤት እንግለጸው ካልን፣ ከሰል ባለቀበት ቀን ያለቀለት ጠረጴዛም ይቃጠላል። ስለዚህ ቦሎቄው ገንፎውን አሳንሶ ሳይሆን ጠቅላላው ሳይቀንስ መግባት አለበት። ዘይት ወይም ኦቾሎኒ ደህና ቦታ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው።

ስሌቱን በራሳችሁ ገበታ ለመሞከር ከፈለጋችሁ ማሽላውን በጤፍ ተኩት። 100 ግራም ጤፍ 375 ሚሊግራም ያህል ላይሲን ስላለው ጅምሩ ከማሽላ የተሻለ ነው። 400 ግራም ጤፍ በእንጀራ፣ 60 ግራም ሽሮ ደግሞ በወጥ ያለበት የጾም ቀን፣ ለሁለቱም 80 በመቶ መፈጨትና ለሽሮው የቦሎቄውን ላይሲን ብትይዙ፣ 1920 ሚሊግራም ይሰጣችኋል። ሽሮውን አውጥታችሁ በቲማቲም ስልስ ብትተኩት ወደ 1200 ይወርዳል። ድስት ውስጥ የምትጨምሩት ዱቄት ስንት ግራም እንደሆነ አንድ ቀን መዝኑት፤ የጎደለውና የሞላው ቀን የሚለየው እዚያ ላይ ነው።